ማዮማው ታየ፤ ሕመሙ ግን የእሱ አልነበረም

በአልትራሳውንድ ወረቀቴ ላይ ለዓመታት የሚጻፈው አንድ ነገር ነበር፤ ማዮማ። በማህፀኔ የውጭ ግድግዳ ላይ የተቀመጠች፣ 3 ሴንቲ ሜትር የምትሆን እጢ። በየወሩ ለምን እንደምተኛ ለሚጠይቅ ሁሉ መልሱ ዝግጁ ሆነ። "ማዮማ አለባት" ይባላል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ስም ያለው ነገር ስለተገኘ ሌላ የሚፈልግ ሰው አልነበረም።

ሕመሜ ግን ከማዮማዋ ጋር አይገጥምም ነበር። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ አለመግጠም ነው። ሐኪም አይደለሁም። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው፣ የማህፀን ሽፋንን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት በሽታ ያለብኝ፣ ስሙን ከሰማሁ በኋላም ሐኪሜን በጥያቄ ፋታ የነሳኋት ሴት ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ በሽታ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን ይይዛል። በዓለም ዙሪያ ሲቆጠር ወደ 190 ሚሊዮን ሴቶች ማለት ነው። ሆኖም ብዙዎቹ ስሙን ከመስማታቸው በፊት ለዓመታት ሌላ ስም ይዘው ይኖራሉ። ብርድ፣ ጨጓራ፣ ኢንፌክሽን፣ ማዮማ።

ከተለመደው ቁርጠት ልጀምር፤ እሱን ሳያውቁ ሌላውን መለየት ስለማይቻል።

የወር አበባ ያየሁት በ13 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም ሕመም አልነበረውም። ቁርጠቱ የመጣው ቆይቶ ነው፤ ይህም የተለመደ ነው። በጅምሩ ብዙ ልጆች እንቁላል ሳይለቁ ነው የሚደሙት። እንቁላል በየወሩ መለቀቅ ሲጀምር ቁርጠቱም ይከተላል። ምክንያቱ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የማህፀን የውስጥ ሽፋን ሊፈርስ ሲል ያመነጨዋል። ማህፀን ጡንቻ ነው፤ ይህ ንጥረ ነገር ደግሞ አጥብቆ ያኮማትረዋል። ሲኮማተር የራሱን የደም ሥሮች ይጨምቃል፤ ደም ያጠረው ጡንቻ ያማል። አንዳንዶቻችንን በዚያው ቀን የሚያስቀምጠንና የሚያቅለሸልሸንም ይኸው ንጥረ ነገር ነው።

እንዲህ ያለው ቁርጠት የራሱ ሰዓት አለው። ደሙ ሊመጣ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ ወይም ከደሙ ጋር አብሮ ይጀምራል። አንድ ሁለት ቀን ይበረታል፤ ከሦስተኛው ቀን እምብዛም አያልፍም። ከእምብርት በታች መሃል ላይ ይይዛል፤ ወደ ወገብና ወደ ጭን ይወርዳል። ዕድሜ ሲጨምር ብዙውን ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ከወሊድ በኋላ ጭራሽ የሚተዋቸውም ብዙ ናቸው። እናቴ "ልጄ፣ ስትወልጂ ይተውሻል" የምትለኝ ዝም ብላ አልነበረም። እሷን ትቷታል፤ እህቶቿንም ትቷቸዋል።

የእኔ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። በአሥራዎቹ ዕድሜዬ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነበር የሚያመኝ፤ ምግብ በልቼ አንድ አይቡፕሮፌን ስወስድ ትምህርት ቤት እውል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሕመሙ ደሙን መቅደም ጀመረ። ደሙ ሳይመጣ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ሆዴ ውስጥ የሚጎትት ነገር ይሰማኛል። ሥራ ከያዝኩ በኋላ ደግሞ ደሙ ቆሞም ሕመሙ አልሄድ አለ። መጀመሪያ የወሩ ጥቂት ቀናት ነበር፤ ቀስ በቀስ የወሩ እኩሌታ ሆነ።

ቦታውም ተቀየረ። ይህን ለማስረዳት ቃል አጥቼ ብዙ ተቸግሬያለሁ። ከፊት ከሆዴ ላይ አይደለም። ጥልቅ ነው፤ ከታች፣ ወደ ኋላ፣ ወደ መቀመጫ በኩል። ጠንካራ ወንበር ላይ ስቀመጥ ከውስጥ የሚወጋኝ ነገር አለ። በወር አበባዬ ቀናት ሽንት ቤት ስገባ፣ በተለይ ሰገራ ሲመጣ፣ ግድግዳ ይዤ ነበር የምቀመጠው። የወር አበባው ሲያልፍ ይህኛው ሕመም ጠፍቶ በቀጣዩ ወር ተመልሶ ይመጣል። ካገባሁ በኋላ ደግሞ በግንኙነት ጊዜ ከመግቢያው ላይ ሳይሆን ከጥልቁ የሚመጣ ሕመም ተጨመረ፤ አንዳንዴ እስከ ማግስቱ ይቆያል።

እነዚህን አንድ በአንድ ለተለያዩ ሐኪሞች ተናግሬያለሁ። ለሰገራው የአሜባ መድኃኒት ተሰጠኝ። ለግንኙነቱ ሕመም "ኢንፌክሽን ነው" ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ፤ ምንም ምርመራ ኢንፌክሽን አላሳየም ነበር። ለቁርጠቱ ዳይክሎፌናክ መርፌ። እያንዳንዱ ለየብቻው ሲታይ ያስኬዳል። ችግሩ አንድ ላይ ያያቸው ሰው አለመኖሩ ነው። ሁሉም ከወር አበባዬ ጋር የሚመጡና የሚሄዱ መሆናቸውን የጠየቀኝ አልነበረም። ለእኔ ትልቁ ምልክት ይኸው ነው። አሜባ የወር አበባን የቀን መቁጠሪያ አይከተልም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም በየ28 ቀኑ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም።

ከዚያ ማዮማዋ ታየች።

ማዮማ፣ ወይም ፋይብሮይድ፣ ከማህፀን ጡንቻ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው። እጅግ የተለመደ ነው። በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ ተሠርቶ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የታወቀ ጥናት፣ 50 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከጥቁር ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ፣ ከነጮች ደግሞ 70 በመቶ ገደማ ማዮማ እንደሚኖራቸው ገምቷል። ብዙዎቹ ምንም አያውቁትም፤ አያማቸውም። እኔ ከዚህ ቁጥር የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። ማዮማ መገኘቱ ብቻውን የሕመሙ ምክንያት እሱ ነው አያሰኝም። ይህን ያህል የተለመደ ነገር ከማንኛውም ሌላ በሽታ ጎን ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል።

ማዮማ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው ከመጠኑ በላይ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ወደ ማህፀን ውስጠኛ ክፍል የገባ ማዮማ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም እንኳ ደም ያፈስሳል። ሞዴሱ በሰዓት ውስጥ ይረጥባል፤ ትላልቅ የረጋ ደም ይወርዳል፤ ደሙ ከሳምንት ያልፋል። ሴትዮዋ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ስትመረመር የደም ማነስ ይገኝባታል። በግድግዳው ላይ አድጎ የተለቀ ከሆነ ደግሞ ፊኛን ይጫናል፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ያስኬዳል፤ ሆድ ይገፋል፤ ቀሚስ ይጠባል። የማዮማ ዋና ቋንቋ ደምና ክብደት ነው። ሕመም አያመጣም ማለት አይደለም፤ ብዙ ሲደማ ቁርጠቱም ይበረታል፤ ደም አጥቶ ሲጎዳ በድንገት ኃይለኛ ሕመም ያስነሳል። ግን በውጭ ግድግዳ ላይ ያለች 3 ሴንቲ ሜትር እጢ ለዓመታት እየባሰ የሚሄድ፣ ሰገራ ላይ የሚወጋ ጥልቅ ሕመም ታመጣለች ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

የእኔ ደም ብዙ አልነበረም። አምስት ቀን ይፈስሳል፤ ያቆማል። ሄሞግሎቢኔ ሲለካ 13 ነበር፤ ከ12 በላይ ስለሆነ የደም ማነስ የለብኝም። ማዮማዋ ልታደርግ የምትችለውን ነገር አላደረገችም። እኔን የሚያመኝ ነገር ደግሞ እሷ የምታደርገው ዓይነት አልነበረም።

ታዲያ ለምን ማዮማዋ ብቻ ታየች? ምክንያቱም ክብ፣ ጠጣርና ጎላ ያለች ናት፤ አልትራሳውንድ ቶሎ ይይዛታል። ኢንዶሜትሪዮሲስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ነው። የማህፀን ሽፋንን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል። በእንቁላል ማምረቻው ላይ፣ ከማህፀን ጀርባ ባለው ኪስ፣ ማህፀንን ከኋላ በሚይዙት ጅማቶች፣ በአንጀት ወይም በፊኛ ላይ። ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ ነጠብጣብ ሊሆን ይችላል። ተራ አልትራሳውንድ አያየውም። ነገር ግን ለሆርሞን ምላሽ ይሰጣል፤ በየወሩ ይቆጣል፤ አካባቢውን ያሳብጣል፤ ሲደርቅ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው እርስ በርስ መጣበቅ የሌለባቸውን አካላት ያጣብቃል። አዳዲስ ነርቮችም ወደዚያ ያድጋሉ። የነርቭ ሥርዓቱ ራሱ በተደጋጋሚ ሕመም ሲለማመድ በትንሽ ነገር መጮህ ይጀምራል። በብዙዎች ላይ ዓመት ሲጨምር ሕመሙ የሚጨምረውና ከወር አበባ ውጭ ወዳሉ ቀናት የሚፈስሰው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። በሁሉም ላይ እንዲህ አይሆንም። የበሽታው ስፋትና የሕመሙ መጠንም አይመጣጠኑም። ትንሽ ነጠብጣብ ኖሯት የምትተኛ ሴት አለች፤ ብዙ ኖሮባት መውለድ ሲያቅታት ብቻ የምታውቅም አለች።

እኔን ነገሩን የቀየረልኝ መሣሪያ ሳይሆን ጥያቄ ነበር። አንዲት ወጣት የማህፀን ሐኪም ወረቀቶቼን ወደ ጎን አድርጋ ቀን በቀን እንድነግራት ጠየቀችኝ። "ደሙ ከመምጣቱ ስንት ቀን በፊት ይጀምራል? ሰገራ ሲመጣ ያምሻል? በወር አበባሽ ጊዜ ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ? ግንኙነት ስታደርጊ የሚያምሽ መግቢያው ላይ ነው ወይስ ውስጥ?" የመጨረሻውን እንደዚህ በግልጽ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም ሳልጠየቅ የምናገረው ነገር አልነበረም። በአገራችን ይህ ጥያቄ በ"አግብተሻል?" ተጀምሮ እዚያው ይቀራል።

ከዚያ በእጇ መረመረችኝ። ከማህፀን በር ጀርባ ያለውን ቦታ ስትነካው ከአልጋው ዘለልኩ። "የሚያምሽ ይሄ ነው?" አለችኝ። ይሄው ነበር፤ ያው ሕመም። እዚያ ጋ እንደ ጓል ያለ ጠንካራ ነገር እንደሚዳሰስና ማህፀኔም እንደልብ እንደማይንቀሳቀስ ነገረችኝ።

በብልት በኩል የሚገባው አልትራሳውንድ በሌላ ባለሙያ እንዲሠራልኝ አደረገች፤ በማዘዣው ላይም ምን እንደምትፈልግ ጻፈችበት። ለውጡ ይህ ነው። በግራ የእንቁላል ማምረቻዬ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ውስጡ ወጥ በሆነ ግራጫ ፈሳሽ የተሞላ ከረጢት ታየ። ያረጀ ደም የያዘ ነው፤ በመልኩ ምክንያት የቸኮሌት ከረጢት ይሉታል። ባለሙያው በመሣሪያው ማህፀኔን ቀስ ብሎ ሲገፋ ደግሞ አንጀቱ ከጀርባው አልተንሸራተተም። ጤነኛ ከሆነ ይንሸራተታል። የእኔ ተጣብቋል። ማዮማዋም እዚያው ነበረች፤ በወረቀቱ ላይ የመጨረሻው መስመር ላይ ተጻፈች።

ቀዶ ሕክምና ሳይደረግልኝ መድኃኒት ጀመርኩ። ድሮ በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ፣ ማለትም በላፓራስኮፒ፣ ካልታየ ኢንዶሜትሪዮሲስ አይባልም ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ማኅበር መመሪያ ግን ይህን ቀይሯል። ምልክቱ የሚያስጠረጥር ከሆነ ቀዶ ሕክምና ሳይጠበቅ የሆርሞን ሕክምና መጀመር ይቻላል። ላፓራስኮፒ በቀላሉ በማይገኝበት አገር ላለን ሰዎች ይህ ለውጥ ትልቅ ነው።

የተሰጠኝ ፕሮጀስቲን የሚባል ሆርሞን ያለበት ክኒን ነው፤ በየቀኑ፣ ያለ እረፍት። ዓላማው የወር አበባን ራሱን ማስቆም ነው። ደም ከሌለ የሚቆጣውም ይረጋጋል። የመጀመሪያዎቹ ወራት አሰልቺ ነበሩ፤ ነጠብጣብ ደም ያለ ሰዓቱ ይመጣል፤ ስሜቴም ይለዋወጥ ነበር። ሐኪሟ አስቀድማ ስለነገረችኝ አላቆምኩም። ቀስ በቀስ ደሙ ቀረ። ሽንት ቤት ስገባ የነበረው ሕመም መጀመሪያ ሄደ። የጥልቁ ሕመም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ስለ መድኃኒቱ ብዙ ሴቶች የሚጠይቁኝ "የወሊድ መከላከያ አይደለም ወይ?" የሚለውን ነው። አዎ፣ ያው ቤተሰብ ነው። የሦስት ወሩ መርፌና በክንድ የሚቀበረውም ፕሮጀስቲን ናቸው፤ ለዚህ በሽታ ያገለግላሉ። ሆርሞን ያለበት ሉፕም እንዲሁ። የመዳብ ሉፕ ግን ሌላ ነው። ሆርሞን የለውም፤ ደምና ቁርጠት ሊጨምር ይችላል፤ እንዲህ ላለች ሴት ጥሩ ምርጫ አይመስለኝም። መርፌው ደግሞ ከቆመ በኋላ መፀነስ ብዙ ወራት ሊዘገይ ስለሚችል ቶሎ ልጅ የምትፈልግ ሴት አስቀድማ ማወቅ አለባት። የትኛውም ከረጢቱን ወይም የተጣበቀውን አያጠፋም። ሲወሰድ ያረጋጋል፤ ሲቆም ሕመሙ ሊመለስ ይችላል።

"ውለጂና ይድናል" የሚለው ምክር አሁንም ይመጣል። በእርግዝና ጊዜ የወር አበባ ስለማይኖር የሚሻላቸው አሉ። ግን መድኃኒት አይደለም፤ ከወሊድ በኋላ የተመለሰባቸው ብዙ ናቸው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ምክር ልጅ መፀነስ ለሚያስቸግራት ሴት መሰጠቱ ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ ራሱ መፀነስን ሊያከብድ ይችላል። በሽታውን ለማዳን በሽታው የሚከለክላትን ነገር አድርጊ ይሏታል።

የታላቅ እህቴ ልጅ 17 ዓመቷ ነው። በወር አበባዋ የመጀመሪያ ቀን ከትምህርት ቤት ስትቀር እህቴ ደንግጣ ደወለችልኝ። "እንደ አንቺ እንዳይሆን" አለችኝ። ልጅቷን ጠየቅኳት። ሕመሟ ከደሙ ጋር ይመጣል፤ በሁለተኛው ቀን ይሄዳል፤ ሰገራ ላይ የለም፤ በሌላው ጊዜ ምንም የላትም። መድኃኒት የምትወስደው ግን ሕመሙ ጣራ ከነካ በኋላ ነበር። አይቡፕሮፌን የሚሠራው ፕሮስታግላንዲኑ እንዳይመረት በማድረግ ነው፤ ከተመረተ በኋላ ሲወሰድ ብዙም አይረዳም። ስለዚህ ሕመሙ ገና ሲጀምር፣ ምግብ በልታ፣ 400 ሚሊ ግራም፤ ከዚያ ካስፈለገ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ እየደገመች፣ በቀን ከሦስት ሳታልፍ እንድትወስድ ተስማማን። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ላለባት ግን ይህ መድኃኒት አይሆንም። ሆዷ ላይ ሙቅ ውሃ ያለበት ጠርሙስ። በሚቀጥለው ወር ትምህርት ቤት ዋለች።

በዚህ መንገድ በትክክል ወስዳ ለሦስት ወር ለውጥ ባይኖር፣ ወይም ሕመሙ ደሙን መቅደም ቢጀምር፣ ወደ ማህፀን ሐኪም እንሄዳለን። ባላገባች ልጅ አልትራሳውንዱ በሆድ በኩል ስለሚሠራ ንጹሕ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ንጹሕ ወረቀት በሽታው የለም ማለት አይደለም። ይህን እህቴ አሁን ታውቀዋለች።

እኔና ባለቤቴ ልጅ ስለምንፈልግ ክኒኑን በቅርቡ አቁሜያለሁ። ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና እናውጣው ወይስ እንተወው የሚለውን ከሐኪሟ ጋር በደንብ ተነጋግረንበታል። ሲወጣ ጤነኛ የእንቁላል ማምረቻ ክፍልም አብሮ ሊሄድ ስለሚችል፣ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ እስካለ ድረስ መጀመሪያ እንሞክር አለች። ሌላ ሴት አንድ ዓመት እንድትሞክር ይነገራት ነበር፤ እኔ ግን ስድስት ወር ሞክሬ ካልሆነ ተመልሼ እንድሄድ ነግራኛለች። እስከዚያ ሕመሙ የት፣ መቼ፣ ምን ስሠራ እንደመጣ በስልኬ ላይ እጽፋለሁ። የምይዘው የመጀመሪያው ወረቀት እሱ ነው፤ አልትራሳውንዱ ከሥሩ ይሆናል።